ጉሮሮህ ላይ የተሰነቀረው ነገር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! ደብዳቤህን ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ። መሃሉ ላይ ስደርስ ግን አሳሰበኝ። ስለ ቤተሰብህና ስለ ሥራህ በሁለት መስመር ጨርሰህ የቀረውን ገጽ በሙሉ የጻፍከው ስለ ጉሮሮህ ነው። እንዲህ የምታደርገው በጣም ሲጨንቅህ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የኔን ወሬ ለሌላ ቀን ላቆየውና በቀጥታ ወደ ጉሮሮህ ልግባ። አንገት በላይ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ እንዳንተ ያለ ታሪክ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

«አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ አልወርድ አልወጣ አለኝ» ብለሃል። ቀኑን ሙሉ «እህ፣ እህ» ስትል ትውላለህ። ጠዋት ስትነሳ ድምፅህ ይጎረንናል። ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ካንሰር ነው የሚል ሐሳብ ገብቶብህ እንቅልፍ ነሳህ። ደብዳቤህ መጨረሻ አካባቢ ግን እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግካት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የሚገርመው ምግብ ስበላ ይጠፋል።» እኔ ከሁሉ በላይ ያየሁት እሷን ነው።

አንድ ዕጢ የምግብ መተላለፊያውን እየዘጋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። መጀመሪያ የሚያስቸግርህ ጠጣር ምግብ ነው። ሥጋው፣ ዳቦው ይያዝብሃል፤ በውሃ ለማውረድ ትሞክራለህ። እየቆየ ለስላሳውም አልወርድ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ፈሳሹም። ያንተ ግን ምግቡም ውሃውም ያለችግር ይወርዳል፤ የሚሰማህ ምራቅህን ብቻ ስትውጥ ነው። ስትበላ ይጠፋል፣ ብቻህን ተቀምጠህ ስታስበው ይብሳል። ይህ አካሄድ አንድ ነገር መንገድ ዘግቶ ሳይሆን ጡንቻ ተጨማዶ፣ የጉሮሮ የውስጥ ሽፋን ተቆጥቶ የሚመጣ ስሜት መሆኑን ይጠቁማል።

አሁን እዚያው በተቀመጥክበት አንድ ነገር ሞክር። ምንም ሳትጠጣ ምራቅህን አምስት ጊዜ በተከታታይ ዋጥ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ጉሮሮህ እምቢ ይልሃል፤ የሆነ ነገር እዚያ የተቀመጠ ይመስልሃል። ጤነኛ ሰውም ቢሞክረው እንዲሁ ነው። አፍህ ውስጥ የሚዋጥ ነገር ስላለቀ ጡንቻው ባዶውን ነው የሚጨመቀው። ታዲያ የሆነ ነገር አለ ብሎ በየደቂቃው ምራቁን እየዋጠ የሚፈትሽ ሰው ስሜቱን ራሱ ያመጣዋል ማለት ነው።

አሁን «ታዲያ ጡንቻው ለምን ይጨማደዳል? ጉሮሮዬስ ለምን ይቆጣል?» ትለኛለህ። ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ከጨጓራህ የሚመጣው አሲድ ነው። የምግብ ቧንቧችን ሁለት ጫፎቹ ላይ እየተከፈቱ የሚዘጉ የጡንቻ ቀለበቶች አሉት። አንዱ ታች፣ ጨጓራው በር ላይ ነው። ሌላው ላይ፣ ልክ ከማንቁርት ጀርባ ነው። የታችኛው ያለጊዜው ሲላላ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ላይ ይወጣል። የላይኛው ደግሞ አሲድ ወደ ጉሮሮ እንዳያልፍ ሲል ጠበቅ ይላል። አንተ ጣትህን አንገትህ ላይ አድርገህ «እዚህ ጋ ነው» የምትለው ቦታ ብዙ ጊዜ ይኸው የላይኛው ቀለበት ያለበት ነው።

«እኔ እኮ ቃር የለብኝም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው የሚለኝ ይሄንን ነው፣ ሐኪሞችንም የሚያሳስተው ይሄው ነው። ቃር የሚሰማው አሲዱ የምግብ ቧንቧው ውስጥ ሲቆይ ነው። ቧንቧው ግን ለዚህ የተዘጋጀ ነው። በወጣበት ፍጥነት ጨምቆ ይመልሰዋል፣ የምንውጠው ምራቅ ደግሞ የተረፈውን አጥቦ አሲዱን ያበርደዋል። ማንቁርትና የድምፅ አውታሮች ያሉበት አካባቢ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ስለዚህ ደረትህን ሊያቃጥል የማይበቃ ጥቂት ፈሳሽ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ቢደርስ እንኳ፣ ጉሮሮህን ሊያስቆጣው ይችላል። ደረቱ ደህና ሆኖ ጉሮሮው ብቻ የሚሰቃይ ሰው የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ የሚወጣው አሲድ ብቻ አይደለም። ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም አብሮት አለ። ጨጓራ ውስጥ ሥራው ፕሮቲን መፍጨት ነው። ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያገኘው ፕሮቲን ያንተው ሥጋ ነው። አሲዱ ሲጠፋ ፔፕሲን ይተኛል እንጂ ወዲያው አይሞትም። በኋላ ሌላ አሲድ ሲያገኘው መልሶ ሊነቃ እንደሚችል በላብራቶሪ ታይቷል። አንዳንድ ሐኪሞች ጉሮሮው የተቆጣ ሰው ኮምጣጣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ለጊዜው ይተው የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን «እህ» ወደማለቱ ልምጣ፤ እኔ በበኩሌ ሰው ሁሉ የሚንቀው ግን ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ይመስለኛል። ጉሮሮህን ስትጠርግ ሁለቱ የድምፅ አውታሮችህ በኃይል ይጋጫሉ። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ምንም አይደለም። በየአምስት ደቂቃው፣ ለወራት ሲሆን ግን ጠርዛቸው ያብጣል። ያበጠ ቦታ ራሱን ለመከላከል ወፍራም አክታ ያመነጫል። አክታው ይሰማሃል፣ እንደገና «እህ» ትላለህ፣ እንደገና ይጋጫሉ። አሲዱ ከቆመ በኋላ እንኳ ይህ ሽክርክሪት ብቻውን ሊቀጥል ይችላል። የሚጠረገው አክታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይደለም፤ ስሜቱ ነው የሚበዛው። ሲመጣብህ ጎንጨት ብለህ ውሃ ጠጣ። ውሃ ከሌለህ አገጭህን ዝቅ አድርገህ አንዴ ጠንከር አድርገህ ዋጥ። የግድ ካስፈለገህም ድምፅ ሳታወጣ፣ በትንፋሽ ብቻ «ህ» በል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቁነጠንጡሃል፣ እወቀው።

አንቲባዮቲኩ ያልሠራው ድሮም የሚገድለው ባክቴሪያ ስላልነበረ ይመስለኛል። እባክህ ሦስተኛውን እንዳትጀምር።

እስቲ አሁን የነገርከኝን ቀን እንመልከተው። ሥራ ታመሻለህ። ጠግበህ ትበላለህ፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ጋደም ብለህ ስልክህን ስታይ እንቅልፍ ይወስድሃል። ሙሉ ጨጓራ ይዘህ ስትጋደም ፈሳሹን ታች የሚያቆየው የስበት ኃይል አብሮህ የለም። እንቅልፍ ላይ ደግሞ ምራቅም መዋጥም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሌሊት የወጣው እዚያው ይቆያል፣ ጠዋት ድምፅህ ይጎረንናል። ከመድኃኒት በፊት የምለምንህ ይህን እንድታስተካክል ነው። የመጨረሻው ምግብህና መኝታህ መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር። አምሽተህ መግባትህ ካልቀረ ዋናውን ምግብ ቀን ብላና ማታ ቀለል ያለ ነገር ይሁንልህ። የአልጋህን ራስጌ ከእግሮቹ ሥር ጠንካራ ነገር አስገብተህ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው። ትራስ መደራረቡ አይተካውም፤ ወገብህን አጥፎ ሆድህን ይጫነዋል። በግራ ጎንህ መተኛትም ይረዳል፣ ምክንያቱም ያኔ ጨጓራው ከምግብ ቧንቧው በታች ይሆናል። ቀበቶህንም ላላ አድርገው። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ከዝርዝሩ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። ቡና፣ ቸኮሌት፣ አልኮልና ቅባት የበዛበት ምግብ ሁሉንም ሰው እኩል አያስቸግሩም። ሁሉንም ባንዴ ከመተው አንድ በአንድ አቁመህ የሚለውጥልህን ለይ።

ስለ ኦሜፕራዞል ጠይቀኸኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ ለቃር ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለጉሮሮ ግን የተወራለትን ያህል አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ 346 የጉሮሮ ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ላንሶፕራዞል 30 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ16 ሳምንት ወሰዱ። የቀሩት መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ወሰዱ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፣ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ፈሳሹ እንዳይወጣ በሩን አይዘጋም። ቃርም አብሮ ያለበት ሰው የበለጠ ሊጠቀም ስለሚችል ሐኪምህ ካዘዘልህ በሥርዓቱ ውሰደው፤ ምግብ ከመብላትህ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት፣ ለተወሰነ ጊዜ። ካልረዳህ ለዓመታት አትጎትተው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ አላየሁም ብለህ ግን ተስፋ አትቁረጥ። ቆስሎ የከረመ ጉሮሮ ለመዳን ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅበት ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። እኔ ይህን የጻፍኩት ሳላይህ ነው። አሲድ ነው ብሎ መደምደም የሚቻለው ሌላው ከተጣራ በኋላ ነው። ከአፍንጫ ወደ ኋላ የሚወርድ የአለርጂ ንፍጥ፣ የእንቅርት እብጠት፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ ጭንቀትም ጭምር ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። ስለዚህ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ። በአፍንጫህ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ማንቁርትህን ያያል። ደስ አይልም፣ ግን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም ዕጢ አለመኖሩን ማየቱ ነው። «ቀልቶ አየሁት» ቢልህ ግን ያ ብቻውን አሲድ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጤነኛ ሰው ጉሮሮም ሊቀላ ይችላል። ጥርጣሬ ከቀረ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ የሚወጣውን ፈሳሽ ለ24 ሰዓት የሚመዘግብ ምርመራ አለ።

ምግብ መያዝ ከጀመረብህ፣ ስትውጥ ካመመህ፣ ሳታስበው ከከሳህ፣ ደም ከተፋህ፣ አንገትህ ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ካገኘህ፣ ወይም ሕመሙ በአንድ ጎን ብቻ ሆኖ ወደ ጆሮህ ከተሰማህ ቀጠሮ አትጠብቅ። የድምፅህ መጎርነን ቀኑን ሙሉ ሆኖ ከ3 ሳምንት ካለፈም እንደዚሁ።

ስትመልስልኝ ሦስት ነገር ጻፍልኝ። ማታ ስንት ሰዓት በልተህ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ አሁን የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም፣ እና ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ። ከዚያ ስለ ልጆቹ ደግሞ ሙሉ ገጽ እፈልጋለሁ።

የምወድህ ጓደኛህ