ለሰብል መድን አባሎቻችን፦ ስለ ድርቁ ጉዳት ለመድን ሰጪው የጻፍነው ደብዳቤ

የተከበራችሁ አባሎቻችን፣

በበቆሎ ማሳዎቻችሁ ላይ ድርቁ ያደረሰውን ጉዳት የሚገልጸውን ደብዳቤ ለመድን ሰጪው ድርጅት አስገብተናል። የደረሰበት ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስላለ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ብዙዎቻችሁ «ሰብላችን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብላችሁ ለምን አልጻፋችሁም?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ምን እንደጻፍንና ለምን እንደዚያ እንደጻፍን እናስረዳችኋለን።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ ነበር። የማኅበሩ መለኪያ ከዘር ጊዜ ጀምሮ የመዘገበው 480 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚሁ ጊዜ በአማካይ የምናገኘው ደግሞ 520 ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ታዲያ ድርቁ የታለ?» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ በጠቅላላው ላይ አልተከራከርንም። የዕለት መዝገቡን በየአሥር ቀኑ ከፋፍለን ከደብዳቤው ጋር አያያዝን። መዝገቡ እንደሚያሳየው ከተዘራ ከ58ኛው እስከ 83ኛው ቀን ባሉት 26 ቀናት የዘነበው 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ በስድስት ቀን ውስጥ 110 ሚሊ ሜትር ወረደ። ጠቅላላውን ከፍ ያደረገው ይኸው ዘግይቶ የመጣ ዝናብ ነው።

ቀኖቹ ለምን ወሳኝ እንደሆኑም ጽፈናል። በቆሎ በሚያብብበት ጊዜ በቀን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። የአብዛኛው ማሳችን አፈር ሥሩ በሚደርስበት ጥልቀት ለተክሉ ሊሰጥ የሚችለው 90 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ግማሹ ሲያልቅ ተክሉ መጨነቅ ይጀምራል። ዝናቡ በተቋረጠ በስምንት ቀን ገደማ፣ ማለትም ከተዘራ በ66ኛው ቀን አካባቢ፣ ጭንቀቱ ጀመረ ማለት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ አፈሩ የሚሰጠውን ጨረሰ። በመጀመሪያው ዙር የዘራችሁ አባላት ማሳ ያበበው በዚሁ መሀል ነው። ውኃ ሲያጥር ከላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኙን በጊዜው ይረጫል፤ ከእሸቱ ጫፍ የሚወጣው ጸጉር ግን ይዘገያል። ጸጉሩ ሲወጣ ብናኙ አልቆ ስለሚጠብቀው ፍሬው እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይቀራል።

የኋለኛው ዝናብ ቅጠሉን መልሶ አረንጓዴ ስላደረገው ማሳው ከመንገድ ሲታይ ያማረ ይመስላል። ገምጋሚው ከሩቅ አይቶ «ደኅና ነው» ብሎ እንዳይመለስ በደብዳቤው ላይ ቅርፊቱ ተገልጦ እሸቱ እንዲታይ ጠይቀናል። ቅርፊታቸው የተገለጠ እሸቶችን ፎቶ አንሥተን፣ የማሳው ቁጥርና ቀኑ በግልጽ እንዲታይ አድርገን ልከናል።

የጉዳት ማስታወቂያ ቅጹ «ጉዳቱ የደረሰበት ቀን» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው እሳትን ወይም በረዶን እያሰበ ይመስላል፤ ድርቅ እንደ እሳት በአንድ ቀን አይነሣም። እኛ የጻፍነው ጉዳቱ መጀመሪያ የታወቀበትን ቀን፣ ማለትም የመስክ ሠራተኛችን እሸቶቹን ገልጦ ያየበትን ቀን ነው። ውላችን ጉዳቱ ከታወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅን ስለሚጠይቅ ማስታወቂያውን በማግስቱ ሰጠን፤ ዝርዝሩን ያስከተልነው ከዚያ በኋላ ነው።

በዝርዝሩ ያልገቡ ማሳዎችም አሉ። ሦስት ሳምንት ዘግይተው የተዘሩት ዝናቡ ሲቋረጥ ገና ጉልበት አይደርሱም ነበር፤ ቅጠላቸው ቢጠቀለልም ዝናቡ ሲመለስ አገግመዋል። እነሱን ጨምረን ብንልክ የእውነተኛ ተጎጂዎችም ጉዳይ ይጠረጠራል። በሁለት ማሳዎች ላይ ደግሞ ቅጠሉ ተበሳስቶ እምብርቱ ውስጥ የተምች ኩስ አግኝተናል። በሌላ አንድ ማሳ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ተነሥተው መሀል ለመሀል ቢጫ ሆነዋል፤ ይህ የማዳበሪያ እጥረት ምልክት ነው። ውላችን የሚሸፍነው ድርቅን ስለሆነ ሦስቱን ማሳዎች አልደበቅናቸውም፤ የእያንዳንዱ ምክንያት ጉዳት ተለይቶ እንዲገመገም ጠይቀን ለብቻቸው ዘርዝረናል።

አሁን ካሳው እንዴት እንደሚሰላ። ውላችን ዋስትና የሚሰጠው ላለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ምርት 70 በመቶ ነው። በአንድ አባላችን ማሳ እንየው። አማካይ ምርታቸው በሄክታር 30 ኩንታል ስለሆነ ዋስትናቸው 21 ኩንታል ነው። ገምጋሚው በማሳው ውስጥ በዕጣ በወጣ ቦታ ርዝመቱም ስፋቱም 5 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ለክቶ ያጭዳል። ከዚያ የተገኘው ፍሬ 2.5 ኪሎ ቢመዝን፣ አንድ ሄክታር የዚያ ቦታ 400 እጥፍ ስለሆነ 10 ኩንታል ይመጣል። ነገር ግን ፍሬው እርጥብ ነው። እርጥበቱ 22 በመቶ ከሆነ ውሉ ወደሚለው 13 በመቶ መመለስ አለበት፤ 10 በ78 ተባዝቶ ለ87 ሲካፈል ወደ 9 ኩንታል ይወርዳል። ከ21 የጎደለው 12 ኩንታል ሲሆን ይህም የዋስትናው 57 በመቶ ነው። አባሉ የሚያገኙት ካሳም ዋስትና ከተገባለት ገንዘብ 57 በመቶ ይሆናል። እርጥበቱ ሳይለካ ቢቀር ኖሮ 52 በመቶ ብቻ ይደርሳቸው ነበር።

በዚሁ ስሌት 22 ኩንታል ያገኘ አባል ከአማካዩ 8 ኩንታል ቢጎድልበትም ካሳ አያገኝም። ይህ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ሆኖም አረቦኑ የተተመነው በዚህ መጠን ነው፤ በደብዳቤ ልንለውጠው አንችልም። «ሙሉ በሙሉ ጠፋ» ብለን ያልጻፍነውም ለዚሁ ነው። ካሳውን የሚወስነው ሚዛኑ እንጂ የደብዳቤው ቃል አይደለም፤ ሚዛኑ 9 ኩንታል ሲያሳይ ደብዳቤው ምንም የለም ካለ የቀረውም ማስረጃችን ይናቃል።

ስለዚህ ገምጋሚው ሳይመጣ አትጨዱ፣ ከብትም አታሰማሩ። መኖ አጥሯችሁ መጠበቅ የማትችሉ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፤ በመድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ 3 ሜትር ስፋት ያላቸው መስመሮች ከማሳው ዳር እስከ ዳር ሳይታጨዱ ቀርተው ሌላው ሊታጨድ ይችላል። መስመሮቹን የሚመርጠው ግን ገምጋሚው ነው፤ የደረቀውን ብቻ መርጦ ያስቀረ ሰው ማሳው እንደተነካካ ይቆጠርበታል።

ልኬቱ ሲካሄድ እናንተ ወይም የማኅበሩ የመስክ ሠራተኛ መገኘት አለባችሁ። አራት ማዕዘኑ ዳር ላይ ከተጣለ፣ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ካላሳየ ወይም እርጥበቱ ሳይለካ በግምት ከተሞላ ቅጹን አትፈርሙ፤ የተቃወማችሁበትን ምክንያት እዚያው ቅጹ ላይ አስጽፉና ዕለቱን ደውሉልን። ሁለተኛ ልኬት መጠየቅ የሚቻለው ሰብሉ ማሳ ላይ ቆሞ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ የመድን አገልግሎት ክፍል