የደረጃው ንድፍ ስለ መሻሻሉና በእኛ ላይ ስለ ተያዘው የመዘግየት ቅጣት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የሜዛኒን ደረጃ የተሻሻለ ንድፍ ስለ መላክና ቅጣቱ እንዲነሣ ስለ መጠየቅ

እዚሁ አዳማ ለምታሠሩት ምግብ ቤት የብረት ደረጃ ልንሠራ መዋዋላችን ይታወቃል። ባለፈው ሳምንት የደረሰን ደብዳቤ ሥራው በወርክሾፓችን ድክመት እንደዘገየ ገልጾ፣ ሁለተኛውን ክፍያ መያዛችሁንና ቅጣት እንደምታሰሉ ያስታውቃል። ሥራውን ያስቆመው የከፍታ ለውጥ ግን በደብዳቤው ላይ በአንድ ቃል እንኳ አልተነሣም። ቅሬታችንም ይኸው ነው።

በፈረማችሁት ንድፍ ከምድር ቤቱ ወለል እስከ ሜዛኒኑ ወለል ያለው ከፍታ 3.06 ሜትር ነበር። ይህ ለ18 ሲካፈል የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ 17 ሳንቲ ይሆናል። የመጨረሻው እርከን ሜዛኒኑ ወለል ላይ ስለሚያርፍ መርገጫዎቹ 17 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 28 ሳንቲ ስለሆኑ ደረጃው ወለሉ ላይ 4.76 ሜትር ይይዛል። የወጥ ቤቱ በር ከደረጃው ራስ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ስለሚገኝ ልክክ ብሎ ይገባ ነበር። በዚሁ መሠረት ሁለቱን የጎን ተሸካሚ ዩ ብረቶች ቆርጠን የመርገጫ መያዣ አንግሎቹን በየድን፤ መርገጫዎቹንም ከላሜራ ቆርጠን ጨረስን።

ከዚያ በኋላ የሳይት ኃላፊያችሁ ስልክ ደውሎ፣ የወጥ ቤቱ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከሜዛኒኑ ሥር እንዲያልፍ ስለተወሰነ ወለሉ 34 ሳንቲ ከፍ እንዳለ ነገረን። ውላችን ለውጥ በጽሑፍ ይቀርባል ቢልም የደረሰን በቴሌግራም የተላከ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ኃላፊው «እርከኖቹን ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጓቸው» አለን። ነገሩ በዚህ አይፈታም። 3.40 ሜትር ለ18 ቢካፈል አንዱ እርከን 19 ሳንቲ ገደማ ይመጣል፤ ሰሃን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ አስተናጋጅ ይህ ቁልቁለት ነው። 17ቱን ሳንቲ እንያዝ ካልን ደግሞ 20 እርከን ያስፈልጋል፤ ቀጥ ያለው ደረጃ 5.32 ሜትር ይሆንና የወጥ ቤቱ በር ፊት ይገባል። ተሸካሚውም ከ6.20 ሜትር ይበልጣል፤ ገበያ ላይ ያለው ዩ ብረት 6 ሜትር ነው። በብየዳ መቀጠል ይቻል ነበር፤ በሩን ግን ብየዳ ከቦታው አያነሣውም።

ስለዚህ የተሻሻለው ንድፍ ደረጃውን መሐል ላይ ያሳርፈዋል። 10 እርከን ወጥቶ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ማረፊያ ላይ ይታጠፍና ቀሪውን 10 በግድግዳው በኩል ይወጣል። በበሩ አቅጣጫ የሚይዘው 3.52 ሜትር ብቻ ነው። የእርከኑና የመርገጫው ልክ ስላልተለወጠ የበየድናቸው አንግሎች ባሉበት ያገለግላሉ፤ መርገጫም አንድ ብቻ ይጨመራል። ተሸካሚዎቹን ግን ለሁለት ከፍለን መጠቀም አንችልም፤ ግማሻቸው 2.83 ሜትር ሲሆን አሁን የሚፈለገው እያንዳንዱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ሁለት አዲስ ዩ ብረት እንገዛለን፤ ከአሮጌዎቹ የሚተርፈው ቁራጭ ለማረፊያው ፍሬም ይውላል። የዋጋ ልዩነቱም ከዚህ የመጣ ነው፤ ዝርዝሩ ተያይዟል።

አዲሱን ብረት ከመቁረጣችን በፊት በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን የጠየቅነውና እስካሁን መልስ ያላገኘነው አንድ ነገር አለ። 3.40 ሜትሩ የተለካው ከየት እስከ የት ነው? ታይልስ ከተነጠፈ በኋላ ካለው ወለል ነው ወይስ ከባዶው ኮንክሪት? ታች ያለው ንጣፍ ከነሞርታሩ 5 ሳንቲ ይሆናል እንበል። ደረጃው በባዶው ኮንክሪት ልክ ተሠርቶ ንጣፉ ኋላ ከመጣ፣ የመጀመሪያው እርከን 12 ሳንቲ ሲሆን ሌሎቹ 17 ይቀራሉ። እግር የለመደውን ልክ ስለሚጠብቅ ሰው የሚደናቀፈው እንዲህ ያለው እርከን ላይ ነው። ከተተከለ በኋላ ማረም ደግሞ ደረጃውን እንደገና መሥራት ነው። ይህን መልስ እየጠበቅን ያለፈው ጊዜ በእኛ ስም መቆጠሩን አንቀበልም።

የማረፊያው ሁለት ምሰሶዎች በኮንክሪት መሠረት ላይ መቆም ስላለባቸው፣ ቦታቸው በንድፉ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ንጣፉ ከመጀመሩ በፊት ግንበኞቻችሁ እንዲሞሉት እንጠይቃለን፤ ታይልስ ላይ አናቆማቸውም።

የምንጠይቀው ቅጣቱ እንዲነሣ፣ ለተሠራው ሥራ የተያዘው ሁለተኛ ክፍያ እንዲለቀቅና የተያያዘው ንድፍ ከወለል ከፍታው ማረጋገጫ ጋር ተፈርሞ እንዲመለስልን ነው። ፊርማው ከደረሰን በ12 የሥራ ቀን ውስጥ ደረጃውን ሳይት ላይ እንተክላለን። ሌላ ለውጥ ካለ እባካችሁ አሁኑኑ በጽሑፍ ይምጣ፤ በስልክ የሚነገረንን አንቆርጥም።

ከሰላምታ ጋር
የብረታ ብረት ወርክሾፑ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሕንፃው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ