ሽማግሌው «ቻይና» የሚሉኝ ለምንድን ነው?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፦

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ? ጉልበቷ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ አልለቅ ብሎናል እንጂ ሥራው አለ።

ባለፈው ስንደዋወል አሠሪዬ ከኋላዬ ሲጣሩ ሰምተህ «እዚያም ሐበሻን ቻይና ይላሉ እንዴ?» ብለህ ሳቅህብኝ። ላስረዳህ ስል መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

አትክልትና ፍራፍሬ የምንሸጠው ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ነው። ሽማግሌው እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ኮክኒ ናቸው። ኮክኒ የሚባለው በድሮው አነጋገር የቅድስት ማርያም ለቦው ቤተ ክርስቲያን ደወል እየተሰማው የተወለደ የለንደን ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ቃሉን ግን ይቀያይሩታል። ጓደኛ «ሜት» ነው። ከሜት ጋር ቤት የሚመታ ነገር ፈለጉና «ቻይና ፕሌት» አሉ፤ የሸክላ ሳህን ማለት ነው። ከዚያ ፕሌትን ጣሉትና «ቻይና» ብቻ ቀረ። ሽማግሌው ቻይና ሲሉኝ እንግዲህ «ወዳጄ» ማለታቸው ነው።

ብልሃቱ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ቤት የሚመታው ቃል ፕሌት ነበር። እሱን ስትጥለው ለጓደኛ የሚያደርሰው ድልድይ ተሰበረ። ቻይናና ሜት በድምፅም በትርጉምም አይገናኙም። ሰምቶ ሊፈታው የሚችለው የተጣለውን ቃል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሁለት ልጨምርልህ። ማየት «ሉክ» ነው፤ እነሱ «ቡቸርስ ሁክ» ይሉታል። ሥጋ ቤት በሬው የሚሰቀልበት መንጠቆ አለ አይደል? እሱ ነው። መንጠቆውን ይጥሉና «እስቲ ቡቸርስ ላድርግ» ይላሉ። ጭንቅላት «ሄድ» ስለሆነ «ሎፍ ኦፍ ብሬድ» ሆነ፤ አንድ ሙልሙል ዳቦ እንደማለት። ሳንቲም ስቆጥር ስሳሳት ሽማግሌው «ሎፍህን ተጠቀም እንጂ!» ይሉኛል። ይኸው ዳቦ ደግሞ ሌላ ቦታ ገንዘብ ይሆናል። «ብሬድ ኤንድ ሃኒ»፣ ዳቦና ማር፣ ከ«ማኒ» ጋር ቤት ይመታልና። ስለዚህ ሲያጥርም አንደኛው ሎፍ ሌላው ብሬድ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይምታታም።

አንዳንዱ ደግሞ አያጥርም። ሌባ «ቲ ሊፍ»፣ የሻይ ቅጠል ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉውን ይሉታል። ሌባ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል ከሊፍ ጋር ቤት ይመታል። የዚህ ሰፈር ሰው ደግሞ ምላሱን በጥርሱ መሃል አውጥቶ የሚነገረውን ድምፅ አይወደውም፣ ወደ «ፍ» ይገለብጠዋል። ሌባን «ፊፍ» ይለዋል። ሊፍ፣ ፊፍ። እንዲህም ይመታል። 

ሰሞኑን አንድ ጎረምሳ ከሳጥኑ ዳር ቆሞ ወይኑን እያገላበጠ፣ ዓይኑ ግን ከሰው ቦርሳ ላይ ነበር። ሽማግሌው ዞር ሳይሉ፣ ቲማቲም እየመዘኑ፣ «ቻይና፣ ሻይ ቅጠሉን ቡቸርስ አድርግ» አሉኝ። ደንበኛዋ ሻይ የጠየቁኝ መሰላት። ጎረምሳውም ምንም አልመሰለው። እኔ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አልኩ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ጩኸት የለ፣ ጠብ የለ።

ሲጀመርም ለዚህ ዓይነት ነገር ነበር ይባላል። በ1829 ለንደን ውስጥ አዲስ የፖሊስ ኃይል ተቋቋመ። የመንገድ ነጋዴና ፖሊስ ደግሞ ያው እንደምታውቀው ነው፣ «ዞር በል፣ መንገድ አትዝጋ» የማይባልበት ቀን የለም። እነዚያ ነጋዴዎች በፊት ቃል እየገለበጡ ነበር የሚነጋገሩት። ልጅ «ቦይ» ሲገለበጥ «ዮብ»። ልክ እኛ ልጆች ሆነን በየወፍ ቋንቋ እማዬን እንሸውድ እንደነበረው ማለት ነው። እማዬ ግን ብዙ ሳትቆይ ገባት፤ መንገዱ አንድ ስለሆነ እሱን ያወቀ ሁሉንም ይፈታዋል። ቤት የሚመታው ዘዴ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ቃል ብትደርስበት ሌላውን አያስፈታህም። እያንዳንዱን ለብቻ መማር አለብህ፣ የሚያስተምርህ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው።

ጆን ካምደን ሆተን የሚባል የለንደን መጽሐፍ ሻጭ በ1859 ባሳተመው የአራዳ ቃላት መዝገብ ላይ ይህን አነጋገር የጀመሩት ሰቨን ዳያልስ አካባቢ ያሉ የመንገድ ላይ ዘፋኞችና ወሬ ሻጮች ናቸው ብሏል። የታተመ ግጥምና የወንጀል ወሬ ይዘው እየጮኹ የሚሸጡ፣ በአፋቸው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ሰቨን ዳያልስ ያኔ የድሃ መንደር ነበር፤ ዛሬ ውድ ሱቅ ሞልቶበታል። ምሁራኑ በአጀማመሩ አይስማሙም፤ ከምሥጢር ይልቅ ጨዋታ ነበር የሚሉም አሉ። ለእኔ ሁለቱንም ይመስለኛል። ቃል ሸጦ የሚያድር ሰው ከፖሊስ ሲደበቅም መቀለዱን አይተውም።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርህ፣ ለእማዬ ግን አታንብብላት። መቀመጫን በብልግናው ስሙ «አርስ» ይሉታል። እሱን ለመሸፈን «ቦትል ኤንድ ግላስ» አሉ፣ ጠርሙስና ብርጭቆ። ብርጭቆው ተጣለና መቀመጫ «ቦትል» ሆነ። ይህንንም ሰው ሁሉ አወቀው። ስለዚህ ለጠርሙሱ ራሱ ሌላ ቤት የሚመታ ፈለጉለት፦ ፈላስፋው አሪስቶትል! እሱንም ቆረጡትና «አሪስ» አደረጉት። እስቲ አስበው፣ አሪስ ሰምቶ ፈላስፋ፣ ከፈላስፋ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ መቀመጫ ላይ የሚደርስ እንግዳ ከየት ይመጣል? የሚያስቀው ደግሞ ይህን ሁሉ ዞረው የደረሱበት ቃል ድምፁ ከመጀመሪያው ብልግና ብዙም አለመራቁ ነው።

ምሥጢርነቱ ግን መዝገብ ላይ ሲሰፍር አበቃ። ከሆተን በፊት በ1857ም ሌላ መዝገብ ወጥቶ ነበር። ፖሊስም መጽሐፍ መግዛት ይችላል። ከዚያ በኋላ አነጋገሩ የሰፈር መታወቂያ ሆነ፣ አዳዲስ ቃልም በታዋቂ ሰው ስም መፍጠር ጀመሩ። በ1950ዎቹ ሩቢ መሪ የምትባል ዘፋኝ ነበረች፤ ስሟ ከ«ከሪ» ጋር ቤት ስለመታ የሕንድ ወጥ መብላት ሲፈልጉ «ሩቢ እንብላ» ይላሉ። በ2009 ደግሞ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አንዳንድ የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች በኮክኒ ማስተናገድ ጀመሩ። ጥሬ ገንዘቡን «ሶሴጅ ኤንድ ማሽ» ይሉት ነበር፤ «ካሽ» ለማለት። ድሮ ከፖሊስ መደበቂያ የነበረውን አነጋገር ማሽን ሲያነብልህ ምን ምሥጢር ቀረ?

የሰፈሩ ወጣት አሁን ሌላ ዓይነት አራዳ ቋንቋ ነው የሚያወራው፣ የካሪቢያንም የሌላም አገር ቃል የገባበት። ሽማግሌው ሲሰሟቸው አይገባቸውም፣ እኔን «ምን አሉ?» ብለው ይጠይቁኛል። የገባኝን ያህል እነግራቸዋለሁ።

ለእማዬ መድኃኒት የሚሆን ብሬድ በሚመጣው ሳምንት እልካለሁ። ሲደርስህ ደውልልኝ። ሁሉንም ሳምልኝ።

የሚወድህ ወንድምህ