የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲመረመር ድምሩን ብቻ አንይ

ለክቡር አዘጋጁ፣

በተለያዩ ፋብሪካዎች የደመወዝ መክፈያ ሰነድ የምመረምር የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ደጋግሞ የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር አለ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲመረመር የሚታየው ድምሩ ትክክል መሆኑ ብቻ ነው። የሠራተኛው ገንዘብ የሚቀረው ግን ከድምሩ በፊት፣ በማካፈያውና በማባዣው ላይ ነው።

በቅርቡ ያየሁትን ልጥቀስ። በወር 10,400 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ ፈረቃዋን ምሽት 2 ሰዓት ላይ ጨርሳ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሠርታለች። ድርጅቱ ደመወዟን ለ240 አካፍሎ በሰዓት 43.33 ብር አወጣ፤ አራቱንም ሰዓት በ1.25 አባዝቶ 216.67 ብር ከፈላት። በወረቀቱ ላይ የመደመር ስህተት አይገኝም።

240 የመጣው 30 ቀን በ8 ሰዓት ተባዝቶ ነው፤ ይህ ማለት ያልተሠራባቸው እሑዶችም እንደ ሥራ ቀን ተቆጥረዋል። የሥራ ውሉ በሳምንት 48 ሰዓት ከሆነ በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል፤ የሰዓት ዋጋዋም 50 ብር ነው። በኅብረት ስምምነት 44 ሰዓት የተባለበት ቤት ደግሞ ማካፈያው ወደ 191 ይወርዳል። ስለዚህ መርማሪ በመጀመሪያ ሊያነብ የሚገባው ውሉን ነው።

1.25 ደግሞ በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ጊዜ የነበረ ማባዣ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1156/2011 ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት 1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ይላል። የዚያች ሠራተኛ ምሽት እንግዲህ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት 150 ብር፣ ቀጣዩ 175 ብር፣ በድምሩ 325 ብር። በአንድ ምሽት 108.33 ብር ጎድሎባታል። በወር 12 ምሽት ከሠራች 1,300 ብር ይሆናል።

ሰዓቱም ራሱ መጣራት አለበት። የትርፍ ሰዓት ቅጹን ከበር የጣት አሻራ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። የሁሉም ሰው ትርፍ ሰዓት በየሳምንቱ ልክ 12 ላይ የሚቆም ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ሕጉ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ስለማይፈቅድ፣ ትርፉ ከቅጹ ተሰርዞ ወይም «አበል» በሚል ስም በጥቅል ተከፍሎ ይሆናል። የበሩ መዝገብ ግን የመውጫ ሰዓቱን ያሳያል።

ይህ ምርመራ ለዓመቱ መጨረሻ የሚተው አይደለም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመረምር ድርጅት ጉድለቱን ሲያገኝ የግማሹ ዓመት ጥያቄ አልፎበታል። ስለዚህ አሠሪዎች በየወሩ የደመወዝ ወረቀት ላይ የሰዓቱን ዋጋ፣ ማካፈያውንና በእያንዳንዱ ማባዣ የተሠራውን ሰዓት ለይተው እንዲያሰፍሩ፣ የሠራተኛ ማኅበራትም ይህንኑ በኅብረት ስምምነታቸው እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ