በደሴ ከተማ የንግድ ፈቃድ ለምታድሱ ኃላፊዎች፦ እድሳቱ ላይ ቀኑን ጻፉልን

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሸዋ በር አካባቢ ለትንንሽ ሱቆች ሂሳብ እሠራለሁ። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ነሐሴ 2017 ላይ አንዲት ባለሱቅ ከጅምላ አከፋፋይ ዕቃ በዱቤ ልትወስድ ፈቃዷን ይዛ ሄደች። የተሰጠበት ቀን መጋቢት 2011 ይላል። ሰውየው ገና ይህን ሲያይ «ይሄማ ያረጀ ነው» አላት። አላረጀም። ይህ ፈቃዱ መጀመሪያ የወጣበት ቀን ነው፤ በየዓመቱ ቢታደስም አይቀየርም። ዘንድሮ ይሠራል ወይ የሚለው የሚታየው እድሳቱ ላይ ነው።

እድሳቱ ደግሞ «የ2017 በጀት ዓመት» ይላል። አሁን ሰውየው «እንግዲያው ታድሷል» ብሎ ደስ አለው። ይህም ልክ አይደለም። የ2017 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2017 አልቋል። ነሐሴ ላይ ግድግዳችን ላይ ያለው ካሌንደር ገና 2017 ነው፤ በጀቱ ግን 2018 ገብቷል። ስለዚህ የሴትዮዋ ፈቃድ አልተሰረዘም፣ ለአዲሱ ዓመት ግን ገና አልታደሰም። ያለ ቅጣት የማደሻው ጊዜም ክፍት ነበር። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ድረስ ይህ ግራ መጋባት በየዓመቱ ይመጣል፤ ከመስከረም በኋላ ቁጥሮቹ ስለሚገጥሙ ማንም አያነሳውም።

እድሳቱ ላይ «ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከሥሩም ያለ ቅጣት የሚታደስበት የመጨረሻ ቀን ቢታከል ጭቅጭቁ ያልቃል። etrade.gov.et ላይ ማጣራት እንደሚቻል አውቃለሁ። ግን ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ሰው የሚያምነው የያዘውን ወረቀት ነው።

ሌላው የሥራ መስኩ ነው። የሱቋ ታፔላ «ጠቅላላ ንግድ» ይላል፤ ፈቃዱ ላይ ያለው ግን «የሸቀጣ ሸቀጥ ችርቻሮ» ነው። ታፔላው ስም እንጂ ፈቃድ አይደለም። ዘይትና ሳሙና በችርቻሮ መሸጥ ትችላለች። በር ሥር የደረደረችው ሲሚንቶ ግን የግንባታ ዕቃ ስለሆነ ሌላ መስክ ይፈልጋል። ዘይቱንም ለሌሎች ሱቆች በጅምላ ላከፋፍል ካለች እንደዚያው። ይህን ብዙ ነጋዴ የሚሰማው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው። ፈቃድ ስትሰጡ መስኩን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ «ምን ምን ልትሸጪ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ቀኑን የመጻፉ ነገር ግን ከመጪው ሐምሌ 1 በፊት ቢደርስልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሸዋ በር ሂሳብ ሠራተኛ