ፒኑ ያለበት ቦታ ላይ ቤቱ ላይኖር ይችላል

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁናል። «ካርታው ላይ ቦታው ይታያል፤ ታዲያ ለምን ወዲያው ቀጠሮ አትይዙልንም?» ብላችኋል። ቀጠሮ ከመያዛችን በፊት አንድ ሁለት ቀን የምንጠይቃችሁ ቤቱ በእርግጥ የት እንዳለ ለማወቅ ነው። እንዴት እንደምናጣራ በቅርቡ በገጠመን አንድ ቤት እናሳያችሁ።

አንድ ደንበኛችን የወደዱትን ማስታወቂያ ላኩልን። ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ፒኑ ሁሉም ሰው በሚፈልገው ሰፈር መሀል ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ «ከአውቶቡስ ተርሚናሉ በእግር 10 ደቂቃ፣ መሀል ከተማ 15 ደቂቃ» ይላል። ደንበኛችን መኪና የላቸውም። ሥራቸው መሀል ከተማ ነው፤ ጠዋት 2፡30 መግባት አለባቸው።

መጀመሪያ ያየነው ፒኑን ነው። ካርታውን አጉልተን ስናየው ያረፈው ቤት ላይ ሳይሆን አንድ አደባባይ ላይ ነው። በዚያው ሰፈር የወጡ ሌሎች ማስታወቂያዎችን ስንከፍት ደግሞ ሦስቱ ልክ እዚያው ነጥብ ላይ ተደራርበው አገኘናቸው። ይህ ሲሆን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ሙሉ አድራሻ አልሞላም፤ የሰፈሩን ስም ብቻ ነው የጻፈው። ሲስተሙም ሌላ መረጃ ስለሌለው ፒኑን የሰፈሩ መካከል ላይ ይተክለዋል። ማንም አልዋሸም፤ ግን ያ ፒን ስለ ቤቱ ምንም አይነግራችሁም።

የቦታው ቁጥር፣ ማለትም ኬክሮስና ኬንትሮሱ፣ ከተሰጣችሁ እሱም ይጠቅማል። ከነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ ካለው ቁጥሩ እስከ 11 ሜትር ገደማ ድረስ ይለያል። ሁለት አሃዝ ብቻ ከሆነ ግን አንዱ እርምጃ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሰፈሩን እንጂ በሩን አያሳይም። አንዳንድ አከራዮች ለደህንነታቸው ሲሉ ሆን ብለው ትክክለኛውን ቦታ ይደብቃሉ። ፒን ሳይሆን ሰፋ ያለ ክብ ካያችሁ ነገሩ ያ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ብቻ አከራዩን አትጠርጥሩ።

ከዚያ ወደ ፎቶዎቹ ሄድን። ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው። የሳሎኑና የማድ ቤቱ ፎቶ ለዚህ አይረዳም፤ እኛ የምንፈልገው መስኮትና በረንዳ ነው። በአንዱ ፎቶ ላይ ከበረንዳው ማዶ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመ ክብ የውሃ ታንከር ይታያል። ከኋላው ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ረጅም መጋዘን አለ፤ ታንከሩ የመጋዘኑን የግራ ጥግ ሸፍኖታል።

የሳተላይት ምስሉን ከፍተን ሰማያዊውን ጣሪያ ፈለግን። ታንከሩን ደግሞ በጥላው አገኘነው፤ ከላይ ሲታይ ትንሽ ክብ ነው፣ ጥላው ግን ረጅም ነው። ሁለቱም ከፒኑ ሲታይ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ማዶ ናቸው። ቀጥሎ ከመጋዘኑ ጥግ ተነስተን በታንከሩ በኩል የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ካርታው ላይ አሰመርን። ፎቶው ላይ አንዱ ሌላውን ከሸፈነው ፎቶ አንሺው የቆመው በዚያ መስመር ላይ ነው ማለት ነው። መስመሩ ላይ በረንዳው ወደ ታንከሩ የዞረ አንድ ፎቅ ብቻ ተገኘ። ከፒኑ በቀጥታ ሲለካ 900 ሜትር ይርቃል። የሳተላይት ምስል የቆየ ሊሆን ስለሚችል ግን ይህን ግምት እንጂ ማረጋገጫ አንለውም።

ለማረጋገጥ ደላላውን ሎኬሽን ጠየቅነው። ላከልን፤ የላከው ግን ያንኑ አደባባይ ነው። በመልእክት መላኪያዎቹ ላይ ካርታውን በጣት እየገፉ የፈለጉትን ቦታ መላክ ይቻላል፤ ሰውየው እዚያ መቆም የለበትም። ስለዚህ በቀጥታ የሚከታተለውን ሎኬሽን እንዲያበራና ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ በር እንዲሄድ ለመንነው። ነጥቡ ስትንቀሳቀስ አየናት። ሐዲዱን በድልድይ ተሻግራ ግራ ታጠፈች፤ ከዚያ የገመትነው ፎቅ አጠገብ ቆመች። ቤት ውስጥ ሆኖ ከተላከ ጂፒኤሱ ስለሚዋዥቅ ሁልጊዜ ደጅ ቆመው እንዲልኩ እንጠይቃለን።

ሐዲዱ ማዶ ያለው ሰፈር የራሱ ስም አለው። ማስታወቂያው ግን የጎረቤቱን ስም ነው የያዘው። የሰፈር ድንበር ብዙ ጊዜ በመስመር የተከለለ አይደለምና በስሙ ላይ አልተከራከርንም። ደላላውን «እንግዳ ሲመጣብህ ለሹፌሩ የት በለው ትላለህ?» ስንለው ወዲያው የማዶውን ስም ጠራ።

አሁን ወደ ደቂቃው እንምጣ። ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 10 ደቂቃ ማለት 800 ሜትር አካባቢ ነው። ከፒኑ ስንለካ የማስታወቂያው ቁጥር ትክክል ነው። ከእውነተኛው በር ግን ሰው ወደ ድልድዩ ዞሮ መሄድ ስላለበት እስከ ተርሚናሉ 2.4 ኪሎ ሜትር ሆነ። ይህ 29 ደቂቃ ይወስዳል።

«መሀል ከተማ 15 ደቂቃ» የሚለውስ? ያን ቁጥር ያገኘነው በመኪና፣ ያውም እሑድ ማለዳ ስንሞክረው ብቻ ነው። እኛ የምንሞክረው በሥራ ቀን ነው። ጎግል ማፕ ላይ መነሻውን የቤቱ በር አድርጋችሁ Arrive by የሚለውን ምረጡና ማክሰኞን አስገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጠዋት 2፡30 እዚያ 8:30 AM ነው። ካርታው በመኪና ለሚሄድ ሰው «ከዚህ እስከዚህ ደቂቃ» ብሎ ሁለት ቁጥር ከሰጣችሁ ትልቁን ያዙ፤ አለቃችሁ የሚያውቀው እሱን ነውና።

ለደንበኛችን የደመርነው ይህን ነው። እስከ ተርሚናሉ 29 ደቂቃ፣ አውቶቡስ መጠበቅ 8፣ አውቶቡሱ ላይ ከ20 እስከ 33፣ ከወረዱ በኋላ በእግር 5። ድምሩ ከ62 እስከ 75 ደቂቃ ነው። የአውቶቡሱን ደቂቃ ከካርታው አልወሰድንም፤ ባልደረባችን በሁለት የሥራ ቀናት ጠዋት ራሱ ተሳፍሮ ለካው። የአውቶቡስ ሰዓት ካርታው ላይ በሌለበት ወይም ካለውም በማይከበርበት ቦታ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘንም።

ደንበኛችን ቤቱን ሳያዩ ተዉት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያንኑ ቤት ከሐዲዱ ማዶ የሚሠሩ ሌላ ደንበኛችን ተከራዩት። ከሥራቸው በእግር 12 ደቂቃ ነው፤ በጣም ወደውታል።

ከዛሬ ጀምሮ በምንልክላችሁ እያንዳንዱ ቤት ላይ «ቦታው ተረጋግጧል» ወይም «ቦታው ገና አልተረጋገጠም» የሚል ታያላችሁ። ያልተረጋገጠውን ማየት ከፈለጋችሁ ቀጠሮ እንይዛለን፤ ቀብድ ግን እባካችሁ አትክፈሉ። እኛም ሥራችንን በቶሎ እንድንጨርስ ቤት ስትመርጡ ሦስት ነገር ጻፉልን፦ በየቀኑ የምትሄዱበትን ቦታ፣ እዚያ የምትገቡበትን ሰዓት፣ እና በምን እንደምትሄዱ። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ ከሆነ እሱንም ጨምሩበት፤ መንገዱን በዚያ በኩል አዙረን እንለካዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ፍለጋ ክፍል ባልደረቦች