ፍላሽ ሲደረግ ከቶይሌቱ ሥር የሚወጣ ውሃ፦ ሲሊኮን ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ስትደውሉልን ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ። «ፍላሽ ሳደርግ ከቶይሌቱ ሥር ውሃ ይወጣል። ዙሪያውን ሲሊኮን አድርጌበት ቆሞ ነበር፤ አሁን ተመለሰ።» እያንዳንዳችሁን በስልክ ከማስረዳት አንዴ ብንጽፈው ይሻላል አልን።

ሲሊኮኑን የገዛችሁት ለምን እንደሆነ ይገባናል። አገር ቤት ብዙ ቦታ ቶይሌት ዙሪያውን በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን ስለሚያዝ፣ ውሃውን የሚያግደው እሱ ይመስላል። እዚህ አሜሪካ ግን ውሃውን የሚያግደው ከሥር ተደብቆ ያለ የሰም ቀለበት ነው። ዋክስ ሪንግ ይሉታል። ከወለሉ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ አፍ ላይ ፍላንጅ የሚባል ክብ ማሰሪያ አለ። ሰሙ የሚቀመጠው በፍላንጁና በቶይሌቱ መካከል ነው። ከፍላንጁ ቀጥ ብለው የሚወጡ ሁለት ብሎኖች ደግሞ ቶይሌቱን ወደ ታች ስበው ይይዙታል። ግራና ቀኝ በትንንሽ ክዳን የተሸፈኑት እነሱ ናቸው።

ሳህኑ ውስጥ ሁልጊዜ የምታዩት ውሃ ሰሙን አይነካውም። ቶይሌቱ ውስጥ ያለው ጥምዝ መተላለፊያ ይዞታል። ውሃ በሰሙ በኩል የሚያልፈው ፍላሽ ስታደርጉ ብቻ ነው። ስለዚህ ወለሉ ማንም ሳይጠቀም ጭምር የሚረጥብ ከሆነ ሰሙን አትጠርጥሩ። ፍሌክሲብሉን፣ የታንኩን ብሎኖችና የሳህኑን ስንጥቅ እዩ። በዚህ አካባቢ በጋ ደግሞ ታንኩ ራሱ ያልበዋል፤ ላቡ ወርዶ ወለሉ ላይ ሲጠራቀም ስንት ሰው አስደንግጧል።

ለማረጋገጥ ወለሉን በደንብ አድርቁና ከቶይሌቱ ሥር ዙሪያውን የወረቀት ፎጣ አንጥፉ። ሳህኑ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምሩ። ከዚያ አራት አምስት ጊዜ ፍላሽ አድርጉ። ወረቀቱ ቀለም ያለው ውሃ ከጠጣ ነገሩ ከሥር ነው። ቀጥሎ የሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ቶይሌት ጨርሶ መነቃነቅ የለበትም።

ካልተነቃነቀና ዳዶው ትንሽ ብቻ ከላላ፣ በኪያቤ ሩብ ዙር ከግራ፣ ሩብ ዙር ከቀኝ እያፈራረቃችሁ አጥብቁት። ጠንከር ሲል አቁሙ። ጉልበት ከበዛበት ሸክላው ይሰነጠቃል፤ ያኔ የሚገዛው አዲስ ቶይሌት ነው። ሲነቃነቅ የቆየ ከሆነ ግን ማጥበቁ ብቻውን አይበቃም። ሰም ጎማ አይደለም፤ አንዴ ከተጫነ ተመልሶ አይነፋም። ቶይሌቱ ባዘመመ ቁጥር በአንድ በኩል ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተቱም እዚያው ይቀራል። ብሎኑን ስታጠብቁ ለሳምንት ሊቆም ይችላል፤ እኛንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አታሎናል።

ሲሊኮኑ የሚያደርገውን አንድ ቤት ላይ በደንብ አይተናል። ፎቅ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት አዲስ ታይል ተነጥፎለት ነበር። ቶይሌቱ ከተመለሰ በኋላ ሥሩ ረጠበ፣ ባለቤቱ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባው፣ ወለሉም ደረቀ። ከወራት በኋላ ታች ያለው የማድ ቤት ኮርኒስ ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ። ስንሄድ የቶይሌቱ ዙሪያ ንጹሕና ደረቅ ነበር። ስንገፋው ግን በጥቂቱ ተነቃነቀ። ስናነሳው የሰሙ ቀለበት በአንድ በኩል ብቻ ነው የተጨፈለቀው፤ በሌላው በኩል ቶይሌቱ ነክቶትም አያውቅ። ፍላንጁን ስንለካው ከአዲሱ ታይል 3/8 ኢንች ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ታይሉና ከሥሩ የገባው የሲሚንቶ ቦርድ ወለሉን ከፍ አድርገውታል፣ ፍላንጁን ግን ማንም አላሳደገውም። ውሃው ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ከወለሉ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ውስጥ ገባ። ካቻቢቴ ስንወጋበት እንደ እርጥብ ዳቦ ሰመጠ።

የበሰበሰውን ቆርጠን በአዲስ ተካን። ፍላንጁ ላይ የግማሽ ኢንች ማሳደጊያ ቀለበት ከሥሩ ሲሊኮን አድርገን አሰርን፤ በዚህም ከታይሉ ትንሽ ከፍ አለ። ረዘም ያሉ አዲስ ብሎኖችና አንድ አዲስ ሰም ጨመርን። ፍላንጅ ዝቅ ሲል ሁለት ሰም ደራርበው የሚያስቀምጡ አሉ። እኛ አንወደውም፤ ሲጫን አንዱ ከሌላው ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

ራሳችሁ ለመቀየር ካሰባችሁ፣ ተራው ሰም ብዙ ጊዜ ከአሥር ዶላር አይበልጥም። ብሎኖቹንም አብራችሁ ቀይሩ። ውሃውን ከግድግዳው መዝጊያ ዝጉ፣ ፍላሽ አድርጉ፣ የቀረውን በስፖንጅ አውጡ። ፍሌክሲብሉን ፍቱ። ዳዶው ዝጎ እንቢ ካለ በሴጌቶ ቁረጡት። ቶይሌቱ ከባድ ነውና ለሁለት ሆናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። ቱቦው ውስጥ ወዲያው ጨርቅ ወትፉ፤ የፍሳሹን ጋዝ ያግዳል፣ ዕቃም እንዳይገባ ይከላከላል። አሮጌውን ሰም ከፍላንጁም ከቶይሌቱም ሥር ፍቃችሁ አጽዱ። ፍላንጁ ተሰብሮ ወይም ብሎን የሚይዝበት ቀዳዳ ተበልቶ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ፤ አዲስ ሰም ብቻ አያድነውም።

ጨርቁን ማውጣት አትርሱ። ይህን የምንጽፈው ስለገጠመን ነው። ሰሙ በክረምት መኪና ውስጥ ካደረ ቤት ውስጥ ይሙቅ፤ የቀዘቀዘ ሰም አይታዘዝም። ፍላንጁ ላይ አስቀምጡት፣ ብሎኖቹን እያያችሁ ቶይሌቱን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት። ከነካ በኋላ መልሳችሁ ብታነሱት ያ ሰም አለቀለት፣ ሌላ ግዙ። ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ በክብደታችሁ ተጫኑት፣ ከዚያ ዳዶዎቹን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ወለሉ ወጣ ገባ ሆኖ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ሰም ከማስገባታችሁ በፊት ለሙከራ አስቀምጡትና የፕላስቲክ ሽብልቁ የት እንደሚገባ ምልክት አድርጉ።

ሲሊኮን ጨርሶ አትቀቡ አላልንም። የሞፕ ውሃ ከሥር እንዳይገባ ይጠቅማል፣ ተቆጣጣሪዎችም ይጠይቁታል። ውሃ መውጣቱ መቆሙን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቀቡት። ከኋላ በኩል የሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። ሰሙ ሌላ ጊዜ ቢበላሽ ውሃው በዚያ ወጥቶ ይነግራችኋል።

ወለሉ ስትረግጡት የሚለሰልስ ከሆነ ወይም ከታች ያለው ኮርኒስ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ያንን ቶይሌት መጠቀም አቁማችሁ ደውሉልን። ስትደውሉ ወለሉ በቅርቡ ታይል ተቀይሮለት እንደሆነ ንገሩን፤ የምንጭነውን ዕቃ ይለውጠዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቧንቧ ሠራተኞቻችሁ